ልምድ የሌለው የአካውንቲንግ ተመራቂ መጀመሪያ የቱ ሥራ ላይ ያመልክት? ከልምድ ደብዳቤው ተነስቶ የመምረጫ መመሪያ

በአካውንቲንግና ፋይናንስ ለተመረቀ ሰው ያለ ልምድ የሚያስገቡ በሮች ብዙ ናቸው። የባንክ ሠልጣኝ፣ ጀማሪ አካውንታንት፣ ጀማሪ ኦዲተር፣ ካሸር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ፣ የበጎ ፈቃድ ምደባ፣ ያለ ክፍያ ልምምድ አሉ። ብዙ ተመራቂ ሁሉም ላይ እኩል ያመለክትና ቀድሞ የጠራው ዘንድ ይገባል። ችግሩ የሚታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። «2 ዓመት ቀጥተኛ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሰውየው በእርግጥም ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ ነገር ግን የያዘው ደብዳቤ ምዝገባ ላይ አይቆጠርለትም።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀመረው ከኋላ ነው። ሁለተኛው ሥራ የሚጠይቀውን ደብዳቤ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ፣ ከዚያ ያን ደብዳቤ ሊሰጥ የሚችለውን የመጀመሪያ ሥራ ትፈልጋላችሁ። እዚህ ላይ የምናሳየው የአካውንቲንግ ተመራቂን መንገድ ነው። የማኔጅመንትና የኢኮኖሚክስ ተመራቂም አካሄዱን ሳይቀይር ሊጠቀምበት ይችላል።

አንደኛ፦ ዛሬ የማትችሉትን ማስታወቂያ ሰብስቡ

ተመራቂ ሁሉ የሚሰበስበው «0 ዓመት» የሚለውን ማስታወቂያ ነው። እናንተ በመጀመሪያው ሳምንት «2 ዓመት» እና «3 ዓመት» የሚሉትን ሰብስቡ። ከሃያ እስከ ሠላሳ ይበቃል። የሪፖርተር ጋዜጣ የሥራ ማስታወቂያ ገጾች፣ አዲስ ዘመን፣ ethiojobs.net፣ የባንኮቹ የራሳቸው ድረ ገጾችና ማኅበራዊ ገጾች ምንጭ ይሆኗችኋል። የምትኖሩት ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆነ በከተማችሁ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉትንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ አይወጡም።

ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ አራት ነገር ብቻ ወደ ደብተር ወይም ወደ ኤክሴል ገልብጡ፦ የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ ልምዱን የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል፣ የሚጠየቀውን ሶፍትዌር ወይም ልዩ ዕውቀት፣ የሥራ ቦታውን። ልምዱን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። «በሒሳብ ሥራ» የሚል አለ፣ «በአካውንታንትነት ወይም በኦዲተርነት» የሚል አለ፣ «በባንክ ኢንዱስትሪ» የሚል አለ፣ «በአምራች ድርጅት» ብሎ የሚያጠብም አለ። ሃያ ያህሉን ስትገለብጡ የትኛው የመጀመሪያ ሥራ ወደ ስንት ማስታወቂያ እንደሚያስገባ ራሱ ይታያችኋል።

ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፋቸው ሁለት ሐረጎች በእነዚህ ማስታወቂያዎች ግርጌ ይገኛሉ። አንዱ «ከምረቃ በኋላ የተገኘ የሥራ ልምድ» ይላል። ይህ ማለት ተማሪ ሳላችሁ የሠራችሁት የተግባር ልምምድና የትርፍ ሰዓት ሥራ አይደመርም ማለት ነው። ሁለተኛው «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ የተረጋገጠ» የሚለው ነው። አሠሪው የደመወዝ ግብራችሁን ለገቢዎች ካላሳወቀና ካልከፈለ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ብትይዙም ለእንዲህ ያለው ምዝገባ አይጠቅምም። ቀጥሎ ያለው ምርጫ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሐረጎች ላይ የቆመ ነው።

ሁለተኛ፦ የትኛው በር እንደሚዘጋ ለዩ

አንዳንድ ዕድል ከምረቃችሁ ጋር አብሮ ያረጃል። የባንክ ሠልጣኝ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የምረቃ ዓመት ይገድባሉ፤ በዘንድሮው ወይም በአምናው የተመረቁትን ብቻ ይጠራሉ፣ ዝቅተኛ አማካይ ውጤትም ያስቀምጣሉ። ዕድሜ የሚገድቡም አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ልምምድ፣ አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሰጠውን ጨምሮ፣ የተመረቀን ሰው የሚቀበለው ከምረቃው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ልምምዱን ከጀመረ ነው። ይህ ልምምድ ክፍያ የለውም፣ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፣ ማመልከቻው የሚገባው በ careers.un.org ነው። በተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች በኩል ያለው የወጣቶች ምደባ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 26 ለሆኑ ነው፤ የመኖሪያ አበል አለው፣ ምዝገባውም በ app.unv.org ነው።

የፋብሪካ ጀማሪ አካውንታንትነት፣ የኦዲት ድርጅት ሥራና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ መደብ ግን ከዓመት በኋላም ክፍት ናቸው። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚዘጉት በሮች ቅድሚያ ማመልከቻ ይገባቸዋል፣ የማይዘጉት ግን ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ይህን ስንል የሚዘጋው ሁሉ የተሻለ ነው ማለታችን አይደለም። ጊዜው ካለፈ በኋላ መመለስ ስለማይቻል ብቻ ነው ቅድሚያ የሚሰጠው።

የራሳችሁን ማስረጃም በዚሁ ሳምንት አስተካክሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ስለሆነ አሠሪዎች ውጤቱን ይጠይቃሉ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ተመራቂ በአብዛኛው በእጁ ያለው ጊዜያዊ ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ ነው፤ ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳው ሲከፈል ነው የሚለቀቀው። ለጀማሪ መደብ ጊዜያዊው በአብዛኛው ይበቃል፣ ነገር ግን ማስታወቂያው የወጪ መጋራት ማስረጃ የሚል ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከገቢዎች የሚገኘውን ወረቀት ቀድማችሁ ያዙ። የፋይዳ መታወቂያና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አውጡ። የመንግሥት መደብ ምዝገባ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀናት ብቻ የሚቆይ ስለሆነ፣ ማስታወቂያ ካዩ በኋላ ወረቀት ፍለጋ የሚጀምር ሰው ያመልጠዋል።

ሦስተኛ፦ እያንዳንዱ በር የሚሰጠውን ደብዳቤ መዝኑ

የባንክ ሠልጣኝነት ትልቁ ጥቅሙ ብዛቱ ነው። ባንክ አንድ ጊዜ ሲጠራ ብዙ ሰው ስለሚወስድ፣ ዘመድ የሌለው ተመራቂም በፈተና ውጤቱ የሚገባበት ዕድል ሰፊ ነው። ፈተናው በአብዛኛው የእንግሊዝኛ፣ የስሌትና የማመዛዘን ጥያቄዎች ያሉበት ነው፤ የአካውንቲንግ ጥያቄ ላይ ብቻ የሚዘጋጁ ተፈታኞች በሰዓት እጥረት ይወድቃሉ። ከገባችሁ በኋላ የምትመደቡት ግን ባንኩ ባለበት በየትኛውም ቅርንጫፍ ነው፣ የመጀመሪያው ሥራም መስኮት ላይ ገንዘብ መቀበልና መክፈል ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ያዥ ላይ ጉድለት ሲገኝ የሚተካው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የካሽ ኢንደምኒቲ አበል አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ባንክ ውስጥ ለማደግና ወደ ሌላ ባንክ ለመሻገር ጠንካራ ነው። ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ እርዳታ ድርጅት አካውንታንትነት ለመሄድ ግን መደቡ «የደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰር» የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ እንደ ቀጥተኛ ልምድ አይያዝም። በባንክ መቆየት የሚፈልግ ሰው በልበ ሙሉነት ይግባ። አካውንታንት መሆን የሚፈልግ ግን ይህን አውቆ፣ ከዓመት በኋላ ወደ ባንኩ የፋይናንስ ወይም የውስጥ ኦዲት ክፍል በውስጥ ዝውውር መወዳደር ይቻል እንደሆነ ጠይቆ ይግባ።

የኦዲት ድርጅት በአጭር ጊዜ ብዙ ሙያ ከሚያስጨብጡት አንዱ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የአስመጪን፣ የሆቴልን፣ የኮንስትራክሽንና የአገር በቀል ድርጅትን መዝገብ ታያላችሁ። ደብዳቤው «አካውንታንት ወይም ኦዲተር» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ይሠራል። ክፍያው በአብዛኛው አነስተኛ ነው፣ ብዙዎቹ ድርጅቶችም ትንንሾች ስለሆኑ ማስታወቂያ አያወጡም፤ ሲቪ ይዞ ቢሮ መሄድ ነው መንገዱ። ጊዜው ደግሞ ወሳኝ ነው። የብዙ ድርጅት የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ማሳወቂያ ጊዜ እስከ ጥቅምት 30 ነው፣ ስለዚህ ኦዲተሮች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሰው ያጥራቸዋል። በግንቦትና በሰኔ ሲቪውን ያደረሰ ተመራቂ ይጠራል፣ በኅዳር የሄደ «በሚቀጥለው ዓመት ና» ይባላል። የዚህ በር ዋና አደጋ ለወቅቱ ብቻ ያለ ውል፣ በእጅ እየተከፈለ ማሠራቱ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ሙያ ይሰጣል፣ ግብር የተከፈለበት ደብዳቤ ግን አይወጣውም።

የግል ድርጅት ጀማሪ አካውንታንትነት እንደ ድርጅቱ መጠን ይለያያል። ለመመዘን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የወሩን ሒሳብ የሚዘጋው ማን ነው? ውስጥ ባሉ ሠራተኞች ከሆነ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የደመወዝ ግብርና የጡረታ ማሳወቂያ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና የንብረት ቆጠራ በእጃችሁ ያልፋል። በወር አንድ ቀን የሚመጣ የውጭ አካውንታንት ከሆነ እናንተ ደረሰኝ ሰብሳቢ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ፒችትሪ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች አሁንም ብዙ ስለሆኑ፣ ድርጅቱ በእውነት ሶፍትዌር ይጠቀማል ወይስ በወረቀት ነው የሚሠራው ብላችሁ ጠይቁ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት መደብ የደብዳቤ ጥርጣሬ የለበትም፤ ግብሩም ጡረታውም በሥርዓት ይከፈላል። ጀማሪው በአብዛኛው ባለሙያ አንድ ይባላል፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደረጃዎች ዓመት ይጠይቃሉ። የሚሠራበት የሒሳብ አያያዝ የመንግሥት በጀት ሥርዓት ስለሆነ፣ ወደ ግል ድርጅት መሻገር ለሚያስብ ሰው ሁሉም ማስታወቂያ አይቀበለውም። ይህን ከሰበሰባችሁት ዝርዝር ጋር አስተያዩ።

ካሸርነት ለአካውንቲንግ ተመራቂ የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት። ገንዘብ የሚያስቸግር ከሆነ መግባት ነውር የለበትም፣ ነገር ግን በደብዳቤው ላይ «ካሸር» የሚለው ቃል አካውንታንት ለሚፈልግ ማስታወቂያ አይቆጠርም፤ ዲግሪ ሳይጠይቅ በዲፕሎማ የሚሠራ መደብም ሊሆን ይችላል። ከስድስት ወር በላይ እንዳትቆዩበት ቀኑን ቁረጡ።

አራተኛ፦ ከማመልከታችሁ በፊት የምትጠይቁት

ምርጫው ወረቀት ላይ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ አሠሪ በሁለት መንገድ ይፈተናል።

የመጀመሪያው ውሉ ነው። ደብዳቤውን የሚሰጣችሁ ማን እንደሆነ እወቁ። አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች በኤጀንሲ በኩል ያሠራሉ፤ የምትቀመጡት ባንክ ውስጥ ቢሆንም ውሉና የልምድ ደብዳቤው በኤጀንሲው ስም ይወጣል። በውሉ ላይ የመደቡ መጠሪያ ምን እንደሚል አንብቡ፣ በቃል «አካውንታንት ነሽ» ተብሎ በወረቀት «የቢሮ ረዳት» የሚል ካለ ከመፈረም በፊት እንዲስተካከል ጠይቁ። የመጀመሪያው የደመወዝ መክፈያ ላይ የተቀነሰ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ መታየት አለበት፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱም ካልታዩ ሁለት ዓመት ሳይሆን አንድ ወር ነው መጠበቅ ያለባችሁ። ለዚህ ደግሞ የሙከራ ጊዜው ያግዛል፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ከሙከራው በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅባችኋል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ያህል ነው፤ ሁለት የደመወዝ መክፈያ ለማየት ይበቃል።

ሁለተኛው ዋስትናና ግዴታ ነው። ባንኮችና ገንዘብ የሚያስይዙ ድርጅቶች ተያዥ ይጠይቃሉ፤ ተያዡ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ማምጣት አለበት። አንድ ዋስ ብቻ ያለው ሰው ለማን እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል፣ ምክንያቱም ከሌላ አሠሪ ጋር ዋስ የሆነን ሰው ያለፈው ዋስትና ሳይወርድ የማይቀበሉ አሉ። ሥልጠና የሚሰጥ ፕሮግራም ደግሞ የአገልግሎት ግዴታ ሊያስፈርም ይችላል። ስንት ዓመት ነው? ቢለቀቅ የሚከፈለው ስንት ብር ነው? ዕዳው በተሠራበት ጊዜ ልክ ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሁለት ዓመት አገልግሎ ሦስተኛው ላይ የተሻለ ያገኘ ሰው እግሩ የሚታሰረው በዚህ ነው።

ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ከሆነ አትቀጥሉ። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለዩኒፎርም አስቀድሞ ማስከፈል የአሠሪ ልማድ አይደለም፤ የአገር ውስጥ የሥራ አገናኝ ኤጀንሲም በአዋጁ መሠረት ከሥራ ፈላጊ ክፍያ ሊቀበል አይገባም። «ማኔጅመንት ትሬይኒ» የሚል ስም ይዞ ደመወዙ በኮሚሽን ብቻ የሆነም የሽያጭ ሥራ ነው፤ ሽያጭ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ብቻ ግቡበት።

አምስተኛ፦ አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው

አንዲት ተመራቂ እናስብ። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃለች፣ አማካይ ውጤቷ 2.84፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋለች። ቤተሰቧ ኮምቦልቻ ነው። አዲስ አበባ ክፍል አብራት የምትጋራ ጓደኛ አለቻት። ዋስ ሊሆናት የሚችለው መምህር የሆነ አጎቷ ብቻ ነው። የምትፈልገው ወደፊት በአምራች ድርጅት ሲኒየር አካውንታንት መሆን ነው።

ሃያ አራት «2 ዓመት» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ሰበሰበች እንበል። አሥራ አራቱ በአካውንታንትነት ወይም በኦዲተርነት የተሠራ ይላሉ፣ ስድስቱ የባንክ ልምድ ይጠይቃሉ፣ አራቱ ማንኛውንም የሒሳብ ሥራ ይቀበላሉ። ከአሥራ አራቱ አምስቱ የአምራች ድርጅት ልምድ ይመርጣሉ፣ ዘጠኙ ፒችትሪ ያነሣሉ። ከዚህ ዝርዝር ለእሷ የሚታየው ግልጽ ነው፤ አካውንታንት ወይም ኦዲተር የሚል ደብዳቤ ወደ አሥራ ስምንቱ ሲያስገባት፣ የባንክ መስኮት ሥራ የሚያስገባት ወደ አሥሩ ነው፣ እሱም አራቱ «ማንኛውም የሒሳብ ሥራ» ባዮች የባንክ መስኮትን ከቆጠሩላት ነው።

ከዚያ በሮቹን ትለያለች። 3.00 የሚጠይቅ የባንክ ሠልጣኝ ማስታወቂያ ላይ በ2.84 ብታመለክት የሚያጣራው ሥርዓት ይጥላታል፤ ጊዜዋን አታባክንበትም። 2.75 የሚጠይቁት ግን ክፍት ናቸው፣ የምረቃ ዓመት ስለሚገድቡም ዘንድሮ ታመለክትባቸዋለች። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ደግሞ አብዛኛው ተመራቂ ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፍ የእሷ ጥቅም ቤቷ አጠገብ ነው። የፋብሪካ ሒሳብ ክፍል የጥሬ ዕቃ ወጪን፣ በሂደት ላይ ያለ ምርትንና የመጋዘን ቆጠራን ያስተምራል፤ አምስቱ ማስታወቂያዎች የሚፈልጉትም ይህን ነው።

ሁለት ጥሪ በአንድ ሳምንት መጣላት እንበል። አዲስ አበባ ያለ የኦዲት ድርጅት ከተቆራረጠ በኋላ በእጇ 7,500 ብር ያደርስላታል። ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ደግሞ 6,000 ብር። አሃዞቹ ለስሌቱ ማሳያ ብቻ ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን ተኩ። አዲስ አበባ የጋራ ክፍል 3,500፣ ምግብ 3,500፣ ትራንስፖርት 1,200፣ በድምሩ 8,200 ብር በወር ያስወጣታል። የመጀመሪያው ደመወዝ የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ የመጀመሪያው ወር 8,200 ከቤተሰብ ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ 700 ይጎድላታል፣ በአምስት ወር 3,500 ይሆናል። ስድስት ወር ለመቆየት እንግዲህ 11,700 ብር ድጎማ ያስፈልጋታል። ኮምቦልቻ ከቤቷ ሆና ለትራንስፖርትና ለምሳ 1,500 ብታወጣ 4,500 ይተርፋታል።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን መልሱ ኮምቦልቻ ነው። ነገር ግን መጠየቅ ያለባት አለ። ፋብሪካው መደቡን «የመጋዘን ሒሳብ ጸሐፊ» ብሎ ከጻፈ ደብዳቤው አካውንታንት አይልም፤ የኦዲት ድርጅቱ ደግሞ ውል የሚፈርመው ለአራት ወር ብቻ ከሆነ በኅዳር እንደገና ሥራ ፈላጊ ትሆናለች። ፋብሪካው መጠሪያውን «ጀማሪ አካውንታንት» ካደረገ፣ የወሩ ሒሳብ እዚያው የሚዘጋ ከሆነና ግብርና ጡረታ ከደመወዝ መክፈያው ላይ የሚታይ ከሆነ ፋብሪካውን ትያዝ። መጠሪያውን ለመቀየር እምቢ ካለና የኦዲት ድርጅቱ የዓመት ውል ከሰጠ፣ ቤተሰቧም 11,700ውን መቻሉን ካረጋገጠች፣ አዲስ አበባ ይሻላል። ሁለቱም አጎቷን እንደ ዋስ ካልጠየቁ ደግሞ ዋስትናው ለባንክ ፈተናው ውጤት ተቀምጦ ይቆያል።

ስድስተኛ፦ ማመልከቻውን አከፋፍሉና ከየት እንደሚቆረጥ ተከታተሉ

በሳምንት ስድስት ያህል የታሰበባቸው ማመልከቻዎች ይበቃሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግማሹን በዝርዝራችሁ ላይ ብዙ ማስታወቂያ ወደሚከፍተው የሥራ ዓይነት፣ ሲሶውን ጊዜ ወደሚያልፍባቸው ፕሮግራሞች፣ የቀረውን አካባቢያችሁ ወዳሉ የመንግሥት መደቦች አድርጉት። ያመለከታችሁበትን ቀን፣ መደቡንና ማመልከቻው የደረሰበትን ደረጃ በአንድ ሠንጠረዥ ያዙ። ሠንጠረዡ የሚጠቅመው ችግሩ የት እንዳለ ስለሚያሳይ ነው።

ከሃያ ማመልከቻ በኋላ አንድም የፈተና ጥሪ ካልመጣ፣ የምታመለክቱት የማታሟሉት ላይ ነው ወይም ማስረጃው በትክክል አልተያያዘም። አማካይ ውጤት፣ የምረቃ ዓመትና የመስኩ ስም ከማስታወቂያው ጋር ቃል በቃል መገጣጠማቸውን እዩ፤ «አካውንቲንግ» ብቻ የሚል ማስታወቂያ «አካውንቲንግና ፋይናንስ» የሚለውን የማይቀበልበት አጋጣሚ ስለማይጠፋ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። ለፈተና እየተጠራችሁ ከፈተናው ላይ ከቀራችሁ፣ ሌላ ማስታወቂያ መፈለጉን ለሁለት ሳምንት አቁማችሁ በሰዓት የተገደበ የስሌትና የእንግሊዝኛ ልምምድ ሥሩ። ፈተናውን አልፋችሁ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትቀሩ ከሆነ ችግሩ ያለው የሥራውን ዝርዝር ካለማወቅ ነው፤ ጀማሪ አካውንታንት በወር ምን ምን ያሳውቃል፣ የባንክ ሒሳብ እንዴት ይታረቃል፣ ዕቃ ሲጎድል በምን ይመዘገባል የሚሉትን በቃላችሁ ማስረዳት ተለማመዱ።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ምንም ካልተገኘ ዝርዝሩን አስፉት። ያለ ክፍያ ልምምድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፣ እሱም በሁለት ቅድመ ሁኔታ፦ ከሦስት ወር እንዳይበልጥ፣ መጨረሻውም የሠራችሁትን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ። ግብር ስለማይከፈልበት እንደ ሥራ ልምድ አይቆጠርም፣ ነገር ግን ፒችትሪ ላይ እውነተኛ መዝገብ መሥራታችሁን ያሳያል፣ በቃለ መጠይቅም የምትናገሩት ይኖራችኋል።

ሥራ ገብታችሁ አንድ ዓመት ሲሞላ ደብዳቤ ጠይቁ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ያለ ክፍያ መስጠት በአዋጁ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ሥራ እስኪለቀቅ መጠበቅ አያስፈልግም። በደብዳቤው ላይ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን በምን መደብ እንደሠራችሁ፣ ደመወዙ ስንት እንደነበረና ግብርና ጡረታ መከፈሉ እንዲጻፍ አድርጉ። መደባችሁ በመሃል ተቀይሮ ከሆነ የየመደቡ ቀን ለየብቻ ይጻፍ፤ ሁለቱ ተጨፍልቀው በመጨረሻው መጠሪያ ብቻ ሲጻፉ መዝጋቢው ማኅደራችሁን አገላብጦ ልምዱን ሊቀንሰው ይችላል። የደመወዝ መክፈያዎቹንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ፎቶ እያነሳችሁ አስቀምጡ፤ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ባለቤት ቢቀየር በእጃችሁ የሚቀረው ማስረጃ እሱ ነው።